ከዱቤው ስንቱ ቀልጦ ይቀራል?

መርካቶ ውስጥ ሴራሚክ፣ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት እናስብ። ደንበኞቹ ቸርቻሪዎችና ኮንትራክተሮች ናቸው፤ አብዛኞቹም ዕቃውን የሚወስዱት በ30 ቀን ዱቤ ነው። ሰኔ 30 ቀን 2017 በተዘጋው የበጀት ዓመት የዱቤ ሽያጩ 12 ሚሊዮን ብር ደርሷል። በዚያው ዕለት ደንበኞች ገና ያልከፈሉት 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር መዝገቡ ላይ ተቀምጧል።

ባለቤቱ ይህን ገንዘብ ከሀብቱ ይቆጥረዋል። ብድር ሊጠይቅ ባንክ ሲሄድም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ሁሉም እንደማይመለስ ራሱም ያውቃል። አንዱ ሱቁን ዘግቶ ይጠፋል፣ ሌላው ዛሬ ነገ እያለ ዓመት ያስቆጥራል፣ የሦስተኛው ቼክ ባንክ ሲቀርብ ደረቅ ሆኖ ይመለሳል። ችግሩ ሰኔ 30 ቀን ላይ ማን እንደሚጠፋ አለመታወቁ ነው። እስኪታወቅ ይጠበቅ ከተባለ ደግሞ የሽያጩ ትርፍ በ2017 ተመዝግቦ ኪሳራው በ2018 ወይም በ2019 ብቅ ይላል። ያኔ የ2017 ትርፍ ካለው በላይ፣ የቀጣዮቹ ዓመታት ትርፍ ደግሞ ካለው በታች ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ የሂሳብ ሠራተኞች ኪሳራውን ሽያጩ በተካሄደበት ዓመት በግምት ይይዛሉ። ማን እንደሚቀር ስላልታወቀ ከማንኛውም ደንበኛ ስም ላይ አይቀነስም። "የአጠራጣሪ ዕዳ መጠባበቂያ" የሚባል ሂሳብ ተከፍቶ በተሰብሳቢው ሂሳብ ትይዩ ይቀመጣል። ግምቱ በአንድ በኩል በወጪነት ዴቢት፣ በሌላ በኩል በመጠባበቂያው ክሬዲት ይደረጋል። ከ2 ሚሊዮን 400 ሺህ ላይ መጠባበቂያው ሲቀነስ የሚተርፈው፣ ድርጅቱ በእርግጥ እጄ ይገባል ብሎ የሚጠብቀው ገንዘብ ነው። ገንዘብ ለየብቻው ተቆርጦ የሚቀመጥ የሚመስላቸው ባለሀብቶች አሉ፤ መጠባበቂያው ግን የመዝገብ ቁጥር እንጂ ካዝና ውስጥ ያለ ብር አይደለም።

ግምቱን ለማውጣት ከቆዩ ሁለት መንገዶች አንዱ ከሽያጩ ይነሳል። ድርጅቱ ባለፉት ሦስት ዓመታት በድምሩ 28 ሚሊዮን ብር በዱቤ ሸጦ 420 ሺህ ብር ሳይሰበስብ ቀርቷል እንበል። ይህ 1.5 በመቶ ነው። የዘንድሮው 12 ሚሊዮን በ1.5 በመቶ ሲባዛ 180 ሺህ ብር ይመጣል፤ የዓመቱ ወጪ ይኸው ነው። እዚህ ላይ የእጅ በእጅ ሽያጭ አይገባም፤ ብሩ ከተቆጠረበት ሽያጭ የሚቀልጥ ዕዳ የለምና። ይህ መንገድ በጣም ቀላል ነው። በየወሩ መጨረሻ የወሩን ሽያጭ በ1.5 በመቶ አባዝቶ ወጪውን መያዝ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ወጪው ከሽያጩ ጋር አብሮ ስለሚሄድም የየወሩን ትርፍ ለማነጻጸር ይመቻል።

ሁለተኛው መንገድ ከሽያጩ አይነሳም። ሰኔ 30 ቀን መዝገቡ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ያልተከፈለ ደረሰኝ አውጥቶ የመክፈያ ቀኑ ካለፈ ስንት ቀን እንደሆነው ይጠይቃል። ደረሰኞቹ በዕድሜያቸው ተመድበው በሰንጠረዥ ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ምድብ የየራሱ መቶኛ ይሰጠዋል። የድርጅታችን ሰንጠረዥ ይህን ይመስላል፤

| የዕዳው ዕድሜ | ያልተከፈለ (ብር) | የማይሰበሰብ ግምት | መጠባበቂያ (ብር) |
|---|---|---|---|
| ቀኑ ገና ያልደረሰ | 1,400,000 | 1% | 14,000 |
| ከ1 እስከ 30 ቀን ያለፈው | 400,000 | 4% | 16,000 |
| ከ31 እስከ 60 ቀን ያለፈው | 200,000 | 10% | 20,000 |
| ከ61 እስከ 90 ቀን ያለፈው | 150,000 | 30% | 45,000 |
| ከ90 ቀን በላይ ያለፈው | 250,000 | 60% | 150,000 |
| ድምር | 2,400,000 | | 245,000 |

ከ90 ቀን በላይ የቆየው ዕዳ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው፤ ከመጠባበቂያው ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን እሱ ብቻውን ይዟል። ሰንጠረዡ ለባለቤቱ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ ግምት፣ ይህ ነው። የዓመቱ ሽያጭ ብቻ ይህን ሊያሳይ አይችልም።

ሁለቱን ስሌቶች ወደ መዝገብ ማስገባት ላይ ሲደርስ ግን ብዙ ሰው ይሰናከላል። ሁለቱ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። የሽያጭ መቶኛው የሚያወጣው ቁጥር ዘንድሮ ወደ መጠባበቂያው የሚጨመረውን ነው። የዕድሜ ሰንጠረዡ የሚያወጣው ደግሞ መጠባበቂያው በመጨረሻ ስንት ሆኖ መገኘት እንዳለበት ነው። አንዱ ወደ ሮቶው የሚገለበጠውን ጀሪካን ይቆጥራል፤ ሌላው ውኃው የትኛው መስመር ላይ መድረስ እንዳለበት ያመለክታል። በሁለተኛው መንገድ ስንት ጀሪካን እንደሚጨመር የሚታወቀው መጀመሪያ ውስጡ ያለው ከታየ በኋላ ነው።

የድርጅታችን መጠባበቂያ ውስጥ ምን አለ? ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓመቱ ሲጀመር 150 ሺህ ብር ነበር። በዓመቱ ውስጥ ተስፋ የተቆረጠባቸው 190 ሺህ ብር ዕዳዎች ከመዝገብ ተሰርዘዋል። ሲሰረዙ የሚቀነሱት ከመጠባበቂያው ስለሆነ፣ ያለው አልቆ 40 ሺህ ብር ወደ ተቃራኒው ወገን፣ ወደ ዴቢት ተሻግሯል። ይህ በራሱ ስህተት አይደለም። ያለፈው ዓመት ግምት አንሶ እንደነበር የሚናገር ምልክት ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛው ሲያየው ሊደነግጥ ሳይሆን ሊጠይቅ ይገባል።

በሽያጭ መቶኛው ከተሄደ ይህ 40 ሺህ ስሌቱ ውስጥ አይገባም። ወጪው 180 ሺህ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከዚያ ውስጥ 40 ሺህው ጉድለቱን ሲሞላ መጠባበቂያው 140 ሺህ ብር ላይ ይቆማል። በዕድሜ ሰንጠረዡ ከተሄደ ግን መጠባበቂያው 245 ሺህ መድረስ አለበት። ከ40 ሺህ ጉድለት ተነስቶ እዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገው 285 ሺህ ብር ነው፤ የዓመቱ ወጪም ይኸው ይሆናል።

የ105 ሺህ ብር ልዩነት አለ። ድርጅቱ፣ ደንበኞቹና ዕዳዎቹ ያው ናቸው፤ ትርፉ ግን በአንዱ መንገድ በ105 ሺህ ከፍ ብሎ ይታያል። ተሰብሳቢው ሀብትም በአንዱ 2 ሚሊዮን 260 ሺህ፣ በሌላው 2 ሚሊዮን 155 ሺህ ይሆናል። የትኛው ይታመን? የመጠባበቂያው ጉድለት የትኛውን እንደሚደግፍ እናስተውል። 1.5 በመቶ የተገኘው ካለፉት ዓመታት ነው፤ ዘንድሮ የተሰረዘው 190 ሺህ ግን ብቻውን ከ180 ሺህ ይበልጣል፤ ከዚያ ሌላ 250 ሺህ ብር ከ90 ቀን በላይ ቆይቷል። ደንበኞች የመክፈል ልማዳቸው ሲለወጥ የሽያጭ መቶኛው ያንን የሚያይበት ዓይን የለውም። ኮንትራክተሮች ከፕሮጀክት ባለቤቶች ክፍያ ሲዘገይባቸው እነሱም ለአከፋፋዩ ያዘገያሉ፤ ሽያጩ ሳይቀንስ ዕዳው ብቻ ያረጃል። ሰንጠረዡ ይህን ወዲያው ያሳያል።

የተለመደው ስህተት ሁለቱን ማደባለቅ ነው። ሠራተኛው ሰንጠረዡን በጥንቃቄ ሠርቶ 245 ሺህ ያወጣና ቁጥሩን እንዳለ በወጪነት ይመዘግበዋል። ያኔ መጠባበቂያው 205 ሺህ ላይ ይቀራል። ጉድለት ሳይሆን የተረፈ ሂሳብ ቢኖር ኖሮ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይሆን ነበር። መለየት ቀላል ነው፤ ምዝገባው ካለቀ በኋላ የመጠባበቂያው ሂሳብ ከሰንጠረዡ ድምር ጋር እኩል ካልሆነ አንድ ነገር ተዘሏል።

በተግባር ብዙ ድርጅቶች ሁለቱንም ይጠቀማሉ። በየወሩ የሽያጭ መቶኛውን ይይዛሉ፤ በሩብ ዓመት ወይም በዓመቱ መጨረሻ ሰንጠረዡን ሠርተው ልዩነቱን ያስተካክላሉ። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃም ያዘነበለው ወደ ሰንጠረዡ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አይኤፍአርኤስ 9 ኪሳራው እስኪከሰት ሳይጠበቅ የሚጠበቀው ኪሳራ እንዲያዝ ያዛል፤ ለንግድ ተሰብሳቢዎችም በዕድሜ የተከፋፈለ የመቶኛ ሰንጠረዥ መጠቀምን ይፈቅዳል። አገራችንም በፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 እነዚህን ደረጃዎች ተቀብላለች። የደረጃው ማብራሪያ ለምሳሌ ያህል ቀኑ ላልደረሰ ዕዳ 1 በመቶ፣ እስከ 30 ቀን ላለፈው 2 በመቶ እያለ የጠቀሳቸው ቁጥሮች አሉ። እነዚያን ገልብጦ መጠቀም ሰንጠረዡን ትርጉም ያሳጣዋል፤ መቶኛው መምጣት ያለበት ከራስ ደንበኞች ታሪክ ነው።

እንዴት ይወጣል? የመጨረሻውን ምድብ እንውሰድ። ባለፉት ዓመታት 90 ቀን ያለፋቸው ዕዳዎች በሙሉ ይለቀሙ፤ ድምራቸው 500 ሺህ ብር ነበር እንበል። ከዚያ ውስጥ በመጨረሻ 200 ሺህው ተከፍሎ 300 ሺህው ቀርቷል። 60 በመቶው የመጣው ከዚህ ነው። ለሌሎቹም ምድቦች እንዲሁ። ከዚያ በኋላ የዘንድሮው ሁኔታ ካለፈው የተለየ ከሆነ፣ ለምሳሌ ግንባታ ከተቀዛቀዘ፣ መቶኛው ይስተካከላል፤ የተስተካከለበት ምክንያትም በጽሑፍ ይያዛል፤ ኦዲተሩ መጠየቁ አይቀርም። ትልልቅ ባለዕዳዎችን ግን በመቶኛ መያዝ አይበጅም። ከ250 ሺህው ውስጥ 120 ሺህው የአንድ ኮንትራክተር ቢሆንና ሰውየው ባንክ ንብረቱን እየሸጠበት ቢሆን፣ እሱ ተነጥሎ ለብቻው መታየት አለበት።

ሰንጠረዡ ግን የሚታመነው ደረሰኞቹ የሚታመኑትን ያህል ነው። አንዳንዶች ዕድሜውን ከሽያጩ ቀን ጀምረው ይቆጥራሉ፤ ያኔ የ30 ቀን ዱቤ የተሰጠው ደንበኛ በ31ኛው ቀን ወር ሙሉ ያዘገየ ይመስላል። ደንበኛው በድምሩ 100 ሺህ ብር ባንክ አስገብቶ የትኛውን ደረሰኝ እንደከፈለ ሳይገልጽ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ክፍያው ሳይመደብ ከተቀመጠ የድሮዎቹ ደረሰኞች ያልተከፈሉ ሆነው ያረጃሉ። በእኛ አገር መዝገቦች ላይ በተለይ የሚታይ ነገርም አለ። ገዢው ድርጅት ዊዝሆልዲንግ ቀንሶ የቀረውን ይከፍላል፤ የተቀነሰበት ደረሰኝ ግን ለሻጩ ሳይደርስ ወይም ሳይመዘገብ ይቀራል። በየደረሰኙ የምትቀረው ትንሽ ቁራጭ ከ90 ቀን በላይ ወዳለው ምድብ እየተንከባለለች ትጠራቀማለች። ይህ የቀለጠ ዕዳ አይደለም፤ ያልመጣ ወረቀት ነው። መፍትሔው ደረሰኙን ማምጣት እንጂ 60 በመቶ መያዝ አይደለም።

ሆን ተብሎ የሚደረገው ደግሞ ማደስ ነው። ሽያጭ ክፍሉ የቆየውን ዕዳ ሰርዞ በአዲስ ቀን አዲስ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ የስድስት ወሩ ዕዳ "ቀኑ ያልደረሰ" ሆኖ 1 በመቶ ብቻ ይያዝበታል። ይህን ለመያዝ የዕቃ ማውጫ ሰነድ ያልተያያዘባቸውን የሰኔ ደረሰኞች ማየት ይበቃል፤ ዕቃ ሳይወጣ ሽያጭ የለም።

አሁን ወደ መሰረዙ እንሂድ። ጥቅምት 2018 ላይ 60 ሺህ ብር ያለበት አንድ ኮንትራክተር ቢሮውን ዘግቶ ስልኩም ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ፈርሞ ዕዳው ተሰረዘ፤

ዴቢት፦ የአጠራጣሪ ዕዳ መጠባበቂያ 60,000
ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ የኮንትራክተሩ 60,000

በዚህ ምዝገባ ውስጥ ወጪ የለም። ወጪው ሰኔ ላይ በግምት ተይዟል። መዝገቡ በ245 ሺህ መጠባበቂያ ተዘግቶ ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆም ተሰብሳቢው 2 ሚሊዮን 340 ሺህ፣ መጠባበቂያው 185 ሺህ ይሆናል፤ ልዩነታቸው እንደበፊቱ 2 ሚሊዮን 155 ሺህ ነው። መሰረዙ ድርጅቱን አላደኸየውም። አንዳንድ ባለቤቶች ትርፍ እንዳይቀንስባቸው ፈርተው የሞተ ዕዳ ለመሰረዝ እምቢ ይላሉ። መጠባበቂያው በአግባቡ ከተያዘ ፍርሃቱ ቦታ የለውም።

የግብር ሕጉ የሚያየው ግን ሌላ ነው። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በግምት የተያዘውን መጠባበቂያ እንደ ተቀናሽ ወጪ ከነጋዴ አይቀበልም፤ ባንኮች የራሳቸው ድንጋጌ አላቸው። ተቀናሽ የሚሆነው ቀድሞ በገቢነት የተመዘገበ፣ ከመዝገብ የተሰረዘና ለማስመለስ ተገቢው እርምጃ ተወስዶበት ያልተሳካ ዕዳ ነው። ስለዚህ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎችና የክስ ወረቀቶች ከስረዛው ውሳኔ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጣሉ።

ሚያዝያ 2018 ላይ ኮንትራክተሩ ብቅ አለ። ሲጓተት የነበረ የፕሮጀክት ክፍያ ተለቆለት 45 ሺህ ብር በባንክ አስገባ። የሞተው ዕዳ ነፍስ ዘራ። ትክክለኛው አመዘጋገብ ሁለት እርምጃ አለው። መጀመሪያ ስረዛው በተከፈለው ልክ ይገለበጣል፤

ዴቢት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ የኮንትራክተሩ 45,000
ክሬዲት፦ የአጠራጣሪ ዕዳ መጠባበቂያ 45,000

ቀጥሎ ክፍያው እንደማንኛውም ክፍያ ይመዘገባል፤

ዴቢት፦ ባንክ 45,000
ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ የኮንትራክተሩ 45,000

ተሰብሳቢው አንድ ጊዜ ገብቶ አንድ ጊዜ ስለሚወጣ "ለምን በቀጥታ ባንክ ዴቢት፣ መጠባበቂያ ክሬዲት አናደርግም?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። ድምሩ ያው ነው። የሚጠፋው የደንበኛው ታሪክ ነው። በአጭሩ መንገድ ከተሄደ በኮንትራክተሩ ገጽ ላይ የሚታየው የመጨረሻ መስመር "60 ሺህ ተሰረዘበት" የሚል ሆኖ ይቀራል። ሰውየው በቀጣዩ ዓመት ዱቤ ሲጠይቅ ገጹን የሚያየው ሠራተኛ መክፈሉን አያውቅም፤ በዕድሜ ሰንጠረዡ የሚሠራው የመሰብሰብ ታሪክም ይዛባል።

የከፋው ስህተት ገንዘቡን እንደ አዲስ ሽያጭ መመዝገብ ነው። ዕቃው የተሸጠው፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱም የተከፈለው ድሮ ነው፤ አሁን የሽያጭ ደረሰኝ ከተቆረጠ በአንድ ዕቃ ላይ ታክሱ ሁለት ጊዜ ሊከፈል ነው። የሚቆረጠው የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ነው።

የተሰረዘ ዕዳ ሌላም አደጋ አለው፤ ማንም አይጠብቀውም። ከመዝገብ ስለወጣ በወር መጨረሻ "ይህ ለምን አልተከፈለም?" የሚል ሰው የለም። ገንዘብ ሰብሳቢው 45 ሺህውን በጥሬ ተቀብሎ ኪሱ ቢከተው የሚጎድል ቁጥር አይኖርም። ስለዚህ እንዲሰረዝ የሚወስነው፣ ገንዘብ የሚቀበለውና መዝገቡን የሚይዘው የተለያዩ ሰዎች ይሆናሉ፤ የተሰረዙት ዕዳዎች ዝርዝርም ከመዝገቡ ውጭ ተይዞ በየጊዜው ለባለዕዳዎቹ የሒሳብ መግለጫ ይላካል። "እኔ እኮ ከፍያለሁ" የሚል መልስ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

የተመለሰው ብር ታዲያ ትርፍ ላይ አይታይም ማለት ነው? ይታያል፤ በእጅ አዙር። በ2018 ዓመቱን በሙሉ የተሰረዘው፣ የኮንትራክተሩን 60 ሺህ ጨምሮ፣ 200 ሺህ ብር ነው እንበል። 245 ሺህ ሲቀነስ 200 ሺህ፣ ሲደመር የተመለሰው 45 ሺህ፣ መጠባበቂያው ሰኔ ላይ 90 ሺህ ይገኛል። አዲሱ የዕድሜ ሰንጠረዥ 230 ሺህ ካለ የዓመቱ ወጪ 140 ሺህ ነው። ኮንትራክተሩ ባይከፍል ኖሮ 185 ሺህ ይሆን ነበር። 45 ሺህው በወጪ ቅናሽ መልክ ትርፉ ውስጥ ገብቷል። አንዳንድ ድርጅቶች፣ በተለይ ባንኮች፣ የተመለሰውን በቀጥታ ከዓመቱ የኪሳራ ወጪ ላይ ይቀንሱታል፤ በሰንጠረዥ የሚሠራ ድርጅት የመጨረሻ ቁጥሩ ያው ይሆናል። በሽያጭ መቶኛ ለሚሠራው ግን ልዩነት አለ፤ ወጪው ከሽያጩ ስለሚወሰን የተመለሰው ብር መጠባበቂያው ውስጥ ተጠራቅሞ ይቀመጣል፤ መቶኛው ራሱ የተመለሱ ዕዳዎች ተቀንሰው ካልተሰላም በየዓመቱ እያበጠ ይሄዳል። ለግብር ደግሞ ዕዳው ሲሰረዝ ተቀናሽ ተደርጎ ከነበረ፣ የተመለሰው 45 ሺህ በተመለሰበት ዓመት ግብር የሚከፈልበት ገቢ ነው።

የቀረው 15 ሺህ ብርስ? ኮንትራክተሩ በጽሑፍ የክፍያ ቀን ከሰጠና መክፈል እንደሚችል የሚያሳይ ነገር ካለ፣ እሱም ወደ ተሰብሳቢነት ይመለስና የመክፈያ ቀኑ ተይዞ ከሰንጠረዡ ምድቦች በአንዱ ይገባል። "አይዞህ እከፍላለሁ" ብቻ ከሆነ ግን እንደተሰረዘ ይቆያል፤ ብሩ ባንክ በገባ ዕለት ያንኑ ሁለት ምዝገባ መሥራት ይቻላል።